ለጎረቤት የልጅ ጥበቃ መልእክት፦ «ቀን ሙሉ» ብለሽ አትጻፊ

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ የጎረቤት ልጆችን ቤቴ ልጠብቅ አስቤያለሁ። ዋጋውንና ሰዓቱን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

እህቴ፣

1. «ቀን ሙሉ» የሚለውን ቃል አውጪው። ብዙውን ሰው ከጎረቤቱ የሚያቀያይመው እሱ ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ ሠርግና ለቅሶ አለ፤ ወላጅ 11 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ማታ 1 ሰዓት ይመጣል። ያን ጊዜ ደጅ ላይ ቆሞ ጭማሪ መጠየቅ እኛ አገር ይከብዳል፤ ይሉኝታው አፍ ያስይዛል። ስለዚህ ገንዘቡን መልእክቱ ይጠይቅልሽ። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦

«ቅዳሜና እሁድ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ልጅ እጠብቃለሁ። ለአንድ ልጅ 200 ብር፣ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ 150 ብር። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ 110። ከ11 ሰዓት በኋላ 15 ደቂቃ እታገሣለሁ፤ ከዚያ ለተጀመረ ግማሽ ሰዓት ሁሉ ከአንድ ቤት 40 ብር። በአንድ ቀን ከአራት ልጅ በላይ አልቀበልም፤ ከ2 ዓመት በታች ከሆኑ ከሁለት አይበልጡም። ምሳ ከእኔ፣ ዳይፐርና ቅያሪ ልብስ ከቤት።»

ብሩን እንደ ሰፈርሽ ለውጪው፤ አጻጻፉን ግን አትንኪው። ሁለት ልጆች ያሏት እናት 12፡20 ላይ መጣች እንበል። የቀኑ 350 ነው። ከ11፡15 ወዲህ 65 ደቂቃ አልፏል፤ ሁለት ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ሦስተኛው ስለተጀመረ 120 ይጨመራል፣ ድምሩ 470። ጭማሪው በልጅ ሳይሆን በቤት መሆኑን ካልጻፍሽ እሷ 120 ስትል አንቺ 240 ትያለሽ፤ ጠቡም ከዚያ ይነሣል።

2. ምግብ። «ምሳ ከእኔ» ካልሽ ምን እንደሆነ ጨምሪ፤ ለምሳሌ ሽሮ በእንጀራ፣ መክሰስ ሙዝ። በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል ይሰጠው አይሰጠው የሚለውን ወላጁ ይወስን፤ አንቺ በግምት አትወስኚ። ሁለት ነገር ግን ወላጅ ቢለምንሽም እንቢ በይ። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። የጎጃም ማር ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም፤ ማንኛውም ማር በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋስ ሊይዝ ይችላል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ቆሎና ለውዝም ለትንንሾች አይሆንም፤ ጥርሳቸው በደንብ ስለማያደቅቀው በትንታ አየር ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ልጆች በኪሳቸው ይዘው ስለሚመጡ ሲገቡ ኪሳቸውን እዪ።

የሳል ወይም የትኩሳት ሽሮፕ ይዞ የመጣ ካለ ስሙን፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሰጥና ጠዋት ስንት ሰዓት እንደተሰጠው በወረቀት ያስጽፉሽ። ሳይጻፍ ከተቀበልሽ እናት ቤት ሰጥታው አንቺ ትደግሚበታለሽ።

ልጁን ማን እንደሚወስደውም ጠዋት ስሙን ተቀበዪ። «አጎቱ ነኝ» ብሎ የመጣውን ልጁ ቢያውቀው እንኳ ለእናቱ ሳትደውዪ አትስጪ፤ ይህንንም በመልእክቱ ላይ አስቀድመሽ ጻፊው፣ አጎትየውም አይከፋውም።