ስለ ምግብ ቤት ጋዝ መስመር ጠይቁኝ፦ የቧንቧ ውፍረት፣ የግፊት መውረድና ጋዙን የሚዘጋው ሁድ

ዛሬ ማታ ሥራ የለኝምና ጠይቁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የምግብ ቤት ጋዝ ስዘረጋ አሥራ አራት ዓመት አልፎኛል። የምሰጣችሁ ቁጥር የአሜሪካ ነው፣ ሌላ አገር ያላችሁ ከየት እንደምትጽፉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ «አንዱ ኮንትራክተር ከሜትሩ እስከ ኩሽና አንድ ተኩል ኢንች ይበቃል አለኝ። ሌላው ሁለት ኢንች ካልሆነ አይሆንም ብሎ በጣም የከበደ ዋጋ አመጣ። ማንን ልመን?»

በውስጥ መስመር የላክሽልኝን የዕቃ ዝርዝር ቆጠርኩት። ባለ ስድስቱ ምድጃ ከነኦቨኑ 215,000 ቢቲዩ በሰዓት ይበላል፣ ፍራየሩ 120,000፣ ትልቁ የወጥ ድስት የሚጣድበት ዝቅተኛ ምድጃ 80,000፣ ግሪድሉ 90,000፣ ውሃ ማሞቂያው ደግሞ 199,000። ምጣዶችሽ ኤሌክትሪክ ስለሆኑ አይገቡም። ድምሩ 704,000 ነው። አንድ ኪዩቢክ ፊት ጋዝ ወደ 1,000 ቢቲዩ ስለሚሰጥ፣ ሜትርሽ በሰዓት 704 ኪዩቢክ ፊት ማሳለፍ አለበት ማለት ነው።

ቀጥሎ ርቀቱ ነው። ከሜትሩ እስከ መጨረሻው ዕቃ፣ ማለትም እስከ ግሪድሉ፣ ቧንቧው የሚወጣውንና የሚወርደውን ጨምሮ 80 ፊት ነው ብለሻል። በኮዱ ሰንጠረዥ፣ ግፊቱ በመንገድ ላይ፣ የጋዝ ግፊት በሚለካበት በውሃ ኢንች፣ ከግማሽ በላይ እንዳይወርድ ከተፈለገ፣ አንድ ተኩል ኢንች የብረት ቧንቧ በ80 ፊት 677 ያሳልፋል፣ ሁለት ኢንች 1,300። የመጀመሪያው ሰውዬ በ27 ጎደለ።

ሁለተኛው ግን ሰማንያውንም ፊት በሁለት ኢንች ነው የተመነልሽ፣ ዋጋው የከበደውም ለዚህ ነው። ውሃ ማሞቂያው 15 ፊት ላይ ይገነጠላል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው 505 ብቻ ስለሆነ አንድ ተኩሉ ይበቃዋል። ምድጃው ከተገነጠለ በኋላ 290 ይቀራል፣ እሱን አንድ ከሩብ ይወስደዋል (452 ድረስ ይችላል)። ከፍራየሩ በኋላ ላለው 170 አንድ ኢንች፣ ለግሪድሉ ብቻ ደግሞ ሦስት አራተኛ። ስለዚህ ሁለት ኢንች የምትገዢው ለ15 ፊት ነው። ሰውዬውን ይህን ይዘሽ መልሰሽ አነጋግሪው።

ከሎርተን፣ የቧንቧ ሠራተኛ፦ «እኔ እንደማውቀው ቁራጩ 15 ፊት ከሆነ በ20 ፊት ረድፍ ይታያል። እዚያ አንድ ተኩል ኢንች 1,430 ይሸከማል። ሴትዮዋን ለምን ታስወጣታለህ?»

ወንድሜ፣ ይህን ስህተት እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሠርቼዋለሁ። ሰንጠረዡ ላይ ያለችው ግማሽ ኢንች ከሜትር እስከ ምድጃ ላለው መንገድ በሙሉ የተሰጠች ናት። እያንዳንዱን ቁራጭ በራሱ ርዝመት ካየኸው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ግማሽ ኢንች እንዲበላ ፈቀድክለት። አምስት ቁራጭ ካለህ ከሜትሩ ከሚነሳው 7 ኢንች ግፊት ላይ ሁለት ተኩል ኢንች ልትቀንስ ነው። ለዚህ ነው ዋናው መስመር ሁሉ በረጅሙ ርቀት፣ በ80 ረድፍ፣ የሚታየው።

ልክ የሆንክበት ቦታ ግን አለ። ወደ አንድ ዕቃ ብቻ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ከሜትሩ እስከ እሱ ባለው ርቀት ማየት ይፈቀዳል። ፍራየሯ በ80 ረድፍ ብትታይ ሦስት አራተኛ 117 ብቻ ስለሚይዝ ለ120 አይበቃም ነበር። ከሜትሩ ያላት ርቀት 67 ፊት ስለሆነ ግን በ70 ረድፍ 126 ይይዛል፣ አለፈች።

ያው የሎርተኑ፦ «እሺ። ግን 704 በ677 ላይ ቢሄድ ምን ይፈጠራል? ኩሽናው አይቃጠል!»

አይቃጠልም። ስሌቱን ብትሠራው ሰማንያውንም ፊት ቢሄድ የሚወርደው ከ0.5 ይልቅ ወደ 0.54 ነው፣ 15 ፊት ላይ ደግሞ ከቁም ነገር አይገባም። ኢንጂነር ሙሉ ስሌት ሠርቶ ቢፈርምበት አንድ ተኩሉ ሊያልፍ ይችላል። እኔ በሰንጠረዥ የምሄደው ኢንስፔክተሩ የሚያየው እሱን ስለሆነ ነው፣ ትርፉንም ከታች ለምነግራችሁ ቫልቭ እፈልገዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፦ «ዓርብ ማታ ፍራየሬ ይደክማል፣ ዘይቱ ቶሎ አይሞቅም፣ ግሪድሉም ነበልባሉ ያንሳል። ቴክኒሻን መጥቶ ለካ፣ 7 ኢንች አለ፣ መስመሩ ደህና ነው ብሎ 180 ዶላር ተቀብሎኝ ሄደ።»

ጋሼ፣ የለካው መቼ ነው? ጠዋት፣ ምንም ሳይነድ ከሆነ ገንዘቦን በከንቱ ወሰደው። ጋዝ ካልተንቀሳቀሰ ግፊት አይወርድም፣ እንደ መጻፊያ እርሳስ የቀጠነ ቧንቧ እንኳ ቆሞ ሲለካ 7 ያሳያል። የግፊት መለኪያው ማኖሜትር መጨረሻው ዕቃ ላይ ገብቶ፣ ሁሉም ምድጃ ተከፍቶ፣ ፍራየሩም ውሃ ማሞቂያውም እየነደዱ ነው የሚነበበው።

አንድ ጊዜ የእርስዎን የመሰለ ቤት ገባሁ። ቆሞ 7.0፣ ሁሉም ሲነድ ግሪድሉ ጋ 4.6። የግሪድሉ ሌብል ቢያንስ 5 ይላል። ቧንቧውን ቆጠርኩት፣ ልክ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ መለካት ጀመርኩ። ከምድጃው በላይ ካለው ጭስ መሳቢያ፣ ከሁዱ፣ ጋር የተያያዘች በኤሌክትሪክ የምትከፈትና የምትዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ አለች፤ ጋዙ ወደ እሷ ከመግባቱ በፊት 6.8፣ ከወጣ በኋላ 5.0። አንድ ተኩል ኢንች ቧንቧ ላይ በሬዱሰር የተገጠመች የአንድ ኢንች ቫልቭ ነበረች፣ ብቻዋን 1.8 ኢንች ትበላለች። ሰንጠረዡ ለክርንና ለቲ መጠነኛ ቦታ ትቷል፣ ለቫልቭ ግን አልተወም። ቫልቭ የሚመረጠው በሚያልፍበት ጋዝ መጠን ነው፣ ከአምራቹ ወረቀት ላይ ስንት ግፊት እንደሚበላ ታይቶ። የእርስዎም ሌባ እሷ ትሆናለች ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሳልለካ ግን አልምልም።

ከፎልስ ቸርች፦ «እኛ እሳት ማጥፊያው ሲፈነዳ ጋዙን የሚዘጋ ቫልቭ አለን። ስለዚህ ኢንተርሎክ አለን ማለት ነው አይደል?»

አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው። የእሳት ማጥፊያው ቫልቭ የሚሠራው እሳት ሲነሳ ነው፣ ያን ጊዜ ጋዙ ይዘጋል፣ ጭስ መሳቢያው ፋን ግን አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። ኢንተርሎክ የሚባለው ተራ ቀን የሚሠራው ነው፦ ሁዱ አየር ካልሳበ ጋዝ የለም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱ በተከታታይ ከገቡ ደግሞ ሁለቱም ግፊት እንደሚበሉ ቁጠሩት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ባለቤት፦ «ማታ ሁዱን ስናጠፋ ጋዙ ይዘጋል፣ ጠዋት ልጆቹ ፓይለቶቹን፣ ትናንሾቹን መለኮሻ እሳቶች፣ አንድ በአንድ ሲለኩሱ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ኤሌክትሪሺያኔ ኢንተርሎኩን በአንዲት ገመድ አልፈዋለሁ ብሎኛል።»

እንዳያደርጉት። ጋዙ ከሁዱ ጋር የታሰረው ጭሱ ስለሚያስጠላ ሳይሆን፣ ብዙ መቶ ሺህ ቢቲዩ እየነደደ አየር ካልወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚጠራቀም ነው፣ እሱ ደግሞ አይሸትም።

የፓይለቱ ጣጣ ራሱ ግን የሚናቅ አይደለም፣ እኔ ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ብዙ ክፍት ምድጃዎች ላይ ያለችው የላይኛዋ ፓይለት ጠፍታ ጋዝ ቢመለስ የሚዘጋ መከላከያ የላትም። ጋዙ ተዘግቶ ፋኑ ሲነሳ ብቻውን ከተከፈተ፣ ስድስት ያልበራች ፓይለት ጋዝ ትተነፍሳለች። ስለዚህ ቫልቩ ሲዘጋ ሰው ቁልፍ ሳይጫን የማይከፈት፣ በእጅ የሚመለስ መሆን አለበት። ከተቻለ ደግሞ ከመክፈቱ በፊት ክፍት የቀረ ነገር መኖሩን በግፊት የሚፈትሽ ፓነል ይሁን።

ማለዳውን ለማቅለል ከተፈለገ ሕጋዊ መንገድ አለ። ሁዱ ውስጥ ሙቀት የሚያውቅ ሴንሰር ተገጥሞ፣ ማብሰል ሲጀመር ፋኑን ራሱ የሚያስነሳ ከሆነ፣ የጋዙ ኢንተርሎክ በኮዱ አያስፈልግም። ኢንስፔክተሩን አስቀድመው ይጠይቁት፣ ሁሉም እኩል አይቀበለውም።

የሎርተኑ እንደገና፦ «እኔ የፋኑን ማብሪያ ከቫልቩ ጋር አስሬ ነው የምሄደው። ፋን በርቷል፣ ጋዝ ይከፈታል። አለቀ።»

ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ ሲበጠስስ? ጣሪያ ላይ ያለው ሞተር ይዞራል፣ ማብሪያው በርቷል፣ ፋኑ ግን ቆሟል። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ ቤት አጋጥሞኛል፦ ኩሽናው በእንፋሎት ታፍኖ የወጥ ቤቷ ሴትዮ ራሷን ታሻለች፣ ፓነሉ ላይ አረንጓዴ መብራት። ሶፍት ከሁዱ ጠርዝ ስር ያዝኩ፣ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ። አየር መሳቡን የሚያረጋግጥ ነገር፣ ቱቦው ውስጥ የግፊት ስዊች ወይም የሞተሩን የኃይል መጠን የሚያነብ፣ መኖር አለበት። የግፊት ስዊቹም ቀጭን ቱቦው በስብ ይደፈናል፣ ሁዱ ሲታጠብ አብሮ መጠረግ ይፈልጋል።

ከአዲስ አበባ፦ «እኛ ጋ በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ የለም፣ አራት ሲሊንደር ደርድረን ነው የሆቴላችንን ኩሽና የምናንቀሳቅሰው። ምሳ ሰዓት እሳቱ ይሞታል። ቧንቧውን በአንተ ሰንጠረዥ ልቀይረው?»

በዚያ ሰንጠረዥ አይደለም፣ እሱ ለተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ የሲሊንደር ጋዝ ክብደቱም ሙቀቱም ሌላ ስለሆነ የራሱ ሰንጠረዥ አለው። ከዚያ በፊት ግን ምሳ ሰዓት ወጥተህ ሲሊንደሮቹን ንካቸው። በላብ ወይም በውርጭ ከተሸፈኑ ቧንቧህ ጥፋተኛ አይደለም። ፈሳሹ ጋዝ ለመሆን ሙቀት ይፈልጋል፣ ከሚችለው በላይ ስትስብበት ራሱን ያቀዘቅዝና መትነኑ ይዳከማል። ቧንቧ ብታወፍር አይረዳህም፣ ሲሊንደር መጨመር አለብህ። ጋዙን የሚዘጋው ቫልቭ ደግሞ ውጭ፣ ሲሊንደሮቹ ጋ ይሁን፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፣ የወለል ፍሳሽ ጉድጓድም ይገባል።

ከለንደን፦ «እኛ ጋ ግፊቱ በመንገድ ላይ 1 ሚሊባር ብቻ እንዲወርድ ነው የሚፈቀደው። ያንተ ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

የእናንተ ይጠብቃል። የእኛ ግማሽ ኢንች ወደ 1.25 ሚሊባር ነው። መነሻችሁ ግን 21 ነው፣ የእኛ 7 ኢንች 17 ከምናምን።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ «ሁሉም ዕቃ በአንዴ አይነድም እኮ። ደግሞ ኮንትራክተሩ ሶሌኖይዱን እዚያው ሜትሩ ጋ ላስገባው ብሏል፣ ልፍቀድለት?»

ሁሉም በአንዴ አይነድም ብሎ መቀነስ ኮዱ ሙሉ በሙሉ አልከለከለም፣ የሚረጋገጥ ከሆነ። የእኛን ሰው ቅዳሜ ማታ ያየ ግን አይቀንስም።

ሶሌኖይዱን ሜትሩ ጋ አትፍቀጂለት። ሁዱ በጠፋ ቁጥር ሙቅ ውሃሽ አብሮ ይጠፋል፣ ማታ ዕቃ የሚያጥቡት ልጆች ይጮሁብሻል። የውሃ ማሞቂያው ቅርንጫፍ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ተኩሉ ቧንቧ ላይ ይግባ። እዚያ የሚያልፍበት 505 ብቻ ነው። ከላይ በነገርኩሽ ውፍረት ከተሠራ ቧንቧሽ ራሱ ሩብ ኢንች ያህል ግፊት ነው የሚበላው፣ ሩቡ ለቫልቩ ይተርፋል። «በ505 ከሩብ ኢንች በላይ የማይበላ፣ በእጅ የሚመለስ» ብለሽ አስጽፊው፣ ወረቀቱንም ላኪልኝ፣ አይልሻለሁ።