ሁለት ሰው፣ ሁለት መልስ፣ አንድ ጥያቄ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። x³ + 4x² + x + 6 ≡ (x + 1)(x² + ax + b) ከሆነ a እና b ስንት ናቸው? እኔ 0ን እና 1ን ተክቼ a = −1፣ b = 6 አገኘሁ። ጓደኛዬ ኮፊሸንት አወዳድሮ a = 3፣ b = −2 አለ። የማን ነው ትክክል?»

የሁለታችሁም መልስ ትክክል አይደለም፤ ሆኖም አንዳችሁም የስሌት ስህተት አልሠራችሁም። ጥያቄው እንደተጻፈው ከሆነ እኩል ናቸው የተባሉት ሁለቱ ፖሊኖሚያሎች a እና b ምንም ቢሆኑ እኩል ሊሆኑ አይችሉም።

የቀኙን ወገን አባዝተን በx ደረጃ ስንሰበስበው x³ + (a + 1)x² + (a + b)x + b ይሆናል። ከግራው ጋር ስናስተያየው የx² ኮፊሸንት a + 1 = 4፣ የx ኮፊሸንት a + b = 1፣ ቋሚው ቁጥር ደግሞ b = 6 የሚሉ ሦስት እኩልታዎች ይሰጡናል። ጓደኛዎ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት a = 3 እና b = −2 አግኝቶ፣ ያልታወቁት ቁጥሮች ስላለቁለት ሦስተኛውን ሳያይ ቆመ። ሦስተኛው ግን b = 6 ስለሚል ከሁለቱ ጋር በቀጥታ ይጣላል። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ሲኖሩ ሁለት እኩልታ ይበቃል የሚለው ልማድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ የተረፈው እኩልታ የተባለው እኩልነት እውነት መሆኑን የምንፈትንበት ነውና ሊዘለል አይገባም።

የእርስዎ መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። a = −1 እና b = 6 ሲገቡ የቀኙ ወገን x³ + 5x + 6 ይሆናል። ይህንን ከግራው ላይ ስንቀንስ 4x² − 4x፣ ማለትም 4x(x − 1) ይቀራል፤ ይህ ልዩነት ዜሮ የሚሆነው x 0 ወይም 1 ሲሆን ብቻ ነው፣ እነዚህ ደግሞ እርስዎ የተኳቸው ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። 2ን ቢተኩ ኖሮ ግራው 32፣ ቀኙ 24 ሆኖ ነገሩ ወዲያው ይገለጥ ነበር። 1ን መተካት ኮፊሸንቶቹን በሙሉ መደመር ማለት ስለሆነ፣ በx² ላይ የጎደለው 4 በx ላይ በተረፈው 4 ተሸፍኖ ድምሩ 12 ለ12 ሆኖ ወጣ።

የ≡ ምልክት የሚለው ሁለቱ ወገኖች ለማንኛውም x እኩል መሆናቸውን ነው። ኮፊሸንት ማወዳደር የሚፈቀደውም ከዚሁ የተነሣ ነው፦ x³ ከሁለቱም ወገን ሲጠፋፋ ልዩነታቸው ቢበዛ ሁለተኛ ደረጃ ይሆናል፤ ሁለተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ደግሞ ኮፊሸንቶቹ ሁሉ ዜሮ ካልሆኑ በስተቀር ከሁለት በላይ ቦታ ላይ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ በመተካት ለመሥራት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮችን መፈተሽ አለበት። እኔ ብሆን የምጀምረው ከ−1 ነበር፤ ምክንያቱም x + 1 ዜሮ ስለሚሆን a እና b ምንም ቢሆኑ ቀኙ 0 ነው፣ ግራው ግን −1 + 4 − 1 + 6 = 8 ይሆናል። ይህ አንድ መስመር ብቻውን ጥያቄውን ይፈታዋል።

እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ፣ በክረምት ተማሪዎችን በማስጠናበት ጊዜ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ ገጥሞኛል። አንድ ተማሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል እየጻፈ ሲሰርዝ ቆይቶ ደብተሩን ይዞ መጣ፤ እኔም የእሱን ስሌት ሁለት ጊዜ ደግሜ ስህተት አጣሁበት። በኋላ ገጹን ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከሰሌዳው ሲገለብጥ መስመሩ የወረቀቱ ጠርዝ ላይ አልቆበት «+ c» የሚለውን ከሥር ጽፎት፣ የሚቀጥለው ጥያቄ መጀመሪያ አድርጎ አንብቦት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ እኩልታዎቹ እርስ በርስ ሲጣሉብኝ ስሌቱን አንድ ጊዜ ካጣራሁ በኋላ የምመለከተው የጥያቄውን ምንጭ ነው።

የእርስዎም ጥያቄ ከመጨረሻው c የጎደለው ይመስለኛል። (x + 1)(x² + ax + b) + c ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እኩልታዎች ሳይለወጡ ሦስተኛው b + c = 6 ይሆንና a = 3፣ b = −2፣ c = 8 ይወጣል። 8 ቅድም −1ን ስንተካ ያገኘነው ቁጥር ነው፤ ግራውን ለx + 1 ስናካፍል የሚተርፈውም እሱ ነው። ጓደኛዎ ያገኛቸው a እና b በዚህ መልክ ትክክል የሚሆኑትም ስለዚህ ነው።

እባክዎ ጥያቄውን ከወሰዱበት ወረቀት ጋር ያስተያዩት። በእርግጥ c የሌለው ከሆነ ግን መልሱ «እንዲህ ያሉ a እና b የሉም» ነው፤ ሦስቱንም እኩልታዎች ጽፈው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ b = −2፣ ሦስተኛው b = 6 እንደሚሉ ያሳዩ።