ተመልሶ የመጣ ምጣድ ምን ይደረግ?

ባለፈው መጋቢት አንዲት እህታችን ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደወለችልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በኦንላይን ትሸጣለች። «ጋሼ፣ ጋራዤ ውስጥ መኪና ማቆም ካቃተኝ ወራት ሆነኝ» አለችኝ። ደንበኞች የመለሱት 11 ምጣድ ተቆልሎባት ነበር። አንድ ጅምላ ገዢ ሁሉንም ባለበት በድምሩ በ150 ዶላር ሊወስድላት ተስማምቶ፣ ማክሰኞ ሊጭን ነው። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ የተመላሽ ዕቃ መጋዘን ለዓመታት ስለሠራሁ፣ «እስከ ቅዳሜ አቆይው፣ እመጣለሁ» አልኳት። የዚያን ቀን የሠራነውን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ ቡናውንም፣ ቀሚሱንም፣ ምጣዱንም ከቤታችሁ ሆናችሁ እየሸጣችሁ ስለሆነና ገንዘባችሁ ሳይታወቃችሁ የሚያልቀው በተመላሹ በኩል ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የተጣላነው በሂሳብ ነው። «እያንዳንዱን ለማስመለስ 28 ዶላር ከፍያለሁ፣ ለደንበኛው 180 ዶላሩን መልሻለሁ፤ አንዱን ከ150 በታች ብሸጠው ኪሳራ ነው» ትላለች። ያ ገንዘብ ግን ምጣዱ ቢሸጥም ቢጣልም አይመለስም፤ ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ዕቃ በየትኛው መንገድ ቢሄድ፣ ከአሁን በኋላ የሚጠይቀው ወጪ ተቀንሶ፣ ብዙ ገንዘብ ያመጣል? ትናንት የወጣውን እየቆጠረ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ዕቃው ጋራዥ ውስጥ ያረጅበታል። የእሷም 11 ምጣድ የተቆለለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ካርቶኖቹን አየን። ሦስቱ ተከፍተው አያውቁም፤ እሷ የለጠፈችው ቴፕ እንዳለ ነው። አንዱ ደንበኛ አድራሻ ተሳስቶ ነው፣ ሁለቱ ሐሳባቸውን ቀይረው ነው። እነዚህ ውሳኔ አያስፈልጋቸውም፣ ማዕዘናቸው አለመረገጡን አይቶ ቀጥታ ወደ ስቶክ ነው። አንድ ምጣድ እጇ እስኪገባ 95 ዶላር ስለሚፈጅባት፣ ሦስቱ ሲመለሱ 285 ዶላር አዲስ ግዢ ቀነሱላት። አምስት ወር ሙሉ ከተበላሹት ጋር ተቀላቅለው መቀመጣቸው አሳዝኖኛል። የተመለሰ ዕቃ በሁለት ቀን ውስጥ መከፈት አለበት። መንገድ ላይ ተሰብሮ ከሆነም አጓጓዡን ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ አለ፤ ካርቶኑን ሳትጥሉ ከውጭም ከውስጥም ፎቶ አንሱት።

የቀሩት ስምንቱ የተከፈቱ ናቸው፤ ሰባቱ ላይ ደንበኛው የጻፈው ምክንያት «አይሠራም» የሚል ነው። ደንበኛው የሚጽፈው ምክንያት ጥቆማ እንጂ ምርመራ አይደለም። የመመለሻውን ወጪ ሻጩ እንዲችልለት ብሎ «አይሠራም» የሚል አለ፣ በትክክል ሳይሰካው ቀርቶ የሚልም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን መፈተሽ ግድ ነው።

የእሷ ምጣዶች መቆጣጠሪያቸው ከገመዱ ጋር ተነቅሎ የሚወጣ ዓይነት ነው። መቆጣጠሪያው ሲነቀል ምጣዱ ላይ ሁለት ፒን ይቀራል። ምጣዱ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ምንም ሳይገናኝ የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ኦም ላይ አድርገን ሁለቱን ፒን ለካን። 120 ቮልት ላይ 1500 ዋት የሚሠራ ምጣድ፣ ውስጡ ያለው የሚግለው ሽቦ፣ ሬዚስታንሱ፣ ጤነኛ ከሆነ ወደ 9.6 ኦም ይጠጋል፤ 9ም 10ም ቢያነብ ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ሬዚስታንሱ ተበጥሷል። ቀጥለን አንዱን ጫፍ ፒኑ ላይ፣ ሌላውን የምጣዱ ብረት ላይ አደረግን። እዚህ ደግሞ ምንም ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ እየሾለከ ነውና ያ ምጣድ ሰው ሊገድል ይችላል።

መልቲሜትር ብቻውን ግን አያስተማምንም፤ ሲግል ብቻ የሚሾልክ አለ፣ በተለይ ውሃ ውስጥ ተነክሮ የታጠበ። ስለዚህ ያለፉትን ወጥ ቤት ያለው፣ «ቴስት» እና «ሪሴት» የሚል ቁልፍ ያለው ሶኬት ላይ ሰክተን 20 ደቂቃ አጋልናቸው። ያ ሶኬት ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ ራሱን ያጠፋል። በተደጋጋሚ ያጠፋ ምጣድ ለማንም አይሸጥም፣ በርካሽም ቢሆን። ሬዚስታንሱን ፈትታችሁ ልትጠግኑ አትሞክሩ፤ ሙያው ያለው ሰው ካልሠራውና ካልፈተሸው አንድ ሰው ቤት እሳት ቢነሳ ተጠያቂው ሻጩ ነው። ተነቅሎ የሚወጣውን መቆጣጠሪያ መቀየር ግን ማንም ይችላል።

ከስምንቱ አምስቱ እንደ አዲስ ጋሉ። ሁለቱ ሬዚስታንሳቸው ደህና ሆኖ መቆጣጠሪያቸው ሞቷል። አንዱ ወደ አካሉ ያሾልካል። ከጋሉት አምስት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ እንጀራ አይተው አያውቁም፤ በነጭ ሶፍት ብናሻቸው ዘይትም የጎመን ዘር ቅባትም የለባቸውም። ሦስቱ ተጋግሮባቸዋል፤ ከነዚያ የአንዱ ገጽ በብረት ተፍቆ ሽፋኑ ተነስቷል። ምግብ የሚነካው ሽፋን ከተነሳ ማደስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የተፋቀውና የሚያሾልከው ምጣድ ተወገዱና የእነሱን ጤነኛ መቆጣጠሪያ አውጥተን መቆጣጠሪያ ለሞተባቸው ሁለት ሰጠን። ሞዴሉ አንድ ከሆነ እንዲህ ይቻላል፤ የተለያየ ሞዴል መቆጣጠሪያ ቢገባም አትጠቀሙት፣ የዋቱ ልክና የሙቀት መለኪያው ላይገጥም ይችላል።

ያልተጋገረባቸውን ሁለቱን «ካርቶኑ የተከፈተ፣ የተፈተሸ» ብላ በራሷ ድረ ገጽ በ140 ዶላር አወጣቻቸው። የመላኪያ፣ የካርቶንና የካርድ ክፍያ ሲቀነስ ከእያንዳንዱ 105 ዶላር ቀረላት። የተጋገረባቸውን ሁለቱንና መቆጣጠሪያ የተቀየረላቸውን ሁለቱን «ያገለገለ» ብላ፣ ገዢው ራሱ መጥቶ እንዲወስድ፣ በ90 ዶላር ሸጠች። ይህን ስም መደበቅ አይቻልም፤ ያገለገለን ዕቃ አዲስ ብሎ መሸጥ በአሜሪካ ሕግ ሸማችን ማታለል ነው። ምጣድ ከሆነ ደግሞ ሐበሻ ገዢ በጠረኑ ብቻ ያውቃል።

ሲደመር 285፣ 210 እና 360፤ 855 ዶላር። የሁለታችንን የ6 ሰዓት ሥራ በሰዓት 20 ዶላር ብናስበው 240 ይወጣል፣ 615 ይቀራል። ጅምላ ገዢው ሊሰጣት የነበረው 150 ነው። ግን ይህ ሂሳብ ሁሌ ወደ ማደስ አያደላም። ዕቃው የ25 ዶላር ጀበና ቢሆን ኖሮ የማስመለሻውና የመፈተሻው ወጪ ይበላው ነበር። እንዲህ ያለውን ደንበኛው ፎቶ ይላክላችሁና ገንዘቡን መልሳችሁ ዕቃውን እዚያው ይያዘው በሉ። በርበሬና ሽሮ ደግሞ ፈጽሞ ወደ ስቶክ አይመለስም፤ ማሸጊያው ደህና ሆኖ ቢታይም መኪና ውስጥ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ አታውቁም።

የሐበሻ ቀሚስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ጠላቱ ጊዜ ነው። ለፋሲካ ተገዝቶ በማግስቱ የሚመለስ ቀሚስ ያጋጥማችኋል። አውጥታችሁ አሽትቱት፤ ዕጣንና የቡና ጭስ ጥለቱ ውስጥ ይቀራል፣ ብብቱን ወደ ውጭ ገልብጣችሁ እዩት፣ የነጠላውን ጫፍ እዩት። ካልተለበሰ ዛሬውኑ ወደ ስቶክ ይግባ፤ የበጋው ሠርግና እንቁጣጣሽ ካመለጡት እስከ ገና ይቀመጣል። ከተለበሰ ደረቅ እጥበት ልካችሁ በ«ያገለገለ» ሽጡት። የሚሻለው ግን መለያውን ደረቱ ላይ በሚታይ ቦታ፣ አንዴ ከተቆረጠ በማይመለስ ማሰሪያ ማሰርና «ይህ ከተነቀለ አንመልስም» ብሎ ቀድሞ መጻፍ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኦንላይን የገዛ ሸማች ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት አለው። ሱቅ ውስጥ እንደሚሞከረው ያህል ከሞከረው ሙሉ ገንዘቡን ትመልሳላችሁ፤ ከዚያ አልፎ ለብሶት ከዋለ ወይም ጋግሮበት ከሆነ ግን በቀነሰው ዋጋ ልክ መቁረጥ ይፈቀዳል። ዕቃው ሲደርስ የምታነሱት ፎቶ እዚህ ላይ ማስረጃችሁ ነው።

ዕቃችሁን አማዞን መጋዘን አስገብታችሁ የምትሸጡም የተመላሽ ሪፖርቱን ተመልከቱ። `SELLABLE` የተባለው ራሱ ወደ ስቶካችሁ ተመልሶ ለቀጣዩ ደንበኛ ይላካል፤ `CUSTOMER_DAMAGED` እና `DEFECTIVE` የተባለው በቀጥታ ወደ ስቶካችሁ አይመለስም። ለኤሌክትሪክ ዕቃ በዚያ ምድብ ብቻ አትተማመኑ፣ የተመለሰውን ወደ ቤታችሁ አስልካችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። አምስት ጤነኛ ምጣድ «አይሠራም» ተብሎ ለምን ተመለሰ? ከደንበኞቹ ሁለቱን ደውላ ጠየቀቻቸው። አንደኛዋ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አልገፋችውም፤ ጠቅ እስኪል መግፋት አለበት። ሁለተኛው ማይክሮዌቭ ባለበት መስመር ላይ ሰክቶት ብሬከሩ ይወርድበታል፤ 1500 ዋት ብቻውን 12.5 አምፔር ይወስዳል፣ የቤቱ መስመር 15 አምፔር ከሆነ ሌላ ነገር አይችልም። አሁን እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ፣ ምጣዱ ላይ የተቀመጠ፣ በአማርኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት አለ፤ ጠቅ እስኪል ግፉት፣ ብቻውን ሰኩት፣ ማራዘሚያ አትጠቀሙ ይላል።

ወንድሟ ሊረዳን መጥቶ ነበር። «የቀረውን ኮንቴይነር ላይ ጭነን ለአዲስ አበባ ዘመድ እንላከው» አለ። ለ120 ቮልት የተሠራ ምጣድ 220 ላይ ሲሰካ ኃይሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ 1500 ዋቱ 5000 አካባቢ ይደርሳል። አንድ እንጀራ ሳይወጣለት ይቃጠላል፣ ወይም ቤቱን ያቃጥላል። ለዚያ የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ስለዚህ የተፋቀውና የሚያሾልከው ምጣድ እዚያው ቀሩ። የምጣዶቹን ፒን በፒንሳ ከሥሩ ቆረጥን፣ የሞቱትን ሁለት መቆጣጠሪያዎች ገመድም እንዲሁ፤ ከብረት መጣያው አንስቶ ወስዶ የሚሰካ ሰው አይጠፋምና። ሰኞ ዕለት የካውንቲው ቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ወስዳ የብረት ክምሩ ላይ ጣለቻቸው፤ ማታ መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ አቁማ ፎቶ ላከችልኝ።