ስሟ ተሸፈነ፣ ጎረቤቷ ግን አወቃት

«ሰላም ለሁላችሁ። ቢቸና አካባቢ አንዲት እናት ስለ ትዳራቸው ያጫወቱኝን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቀርጬ ይዣለሁ። ለሕዝብ በይፋ ልለቀው ነው። ስሞቹ ላይ ቢፕ ካስገባሁ ይበቃል ወይስ ሌላ የማደርገው አለ?»

እህቴ፣ አይበቃም። እንዴት እንደማይበቃ በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ አንዲት እናት ቀርጬ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ስለ ተዳሩበት ሠርግና ከባላቸው ቤት ጠፍተው ስለ ወጡበት ሌሊት ነበር ወሬው። ስማቸውን፣ የባላቸውን ስም፣ የቀበሌውንም ስም አንድ በአንድ ሸፈንኩ። ኩራት ኩራት እያለኝ ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር የሚሠራ የዚያው አገር ልጅ ደወለልኝ። «ስማ፣ ይቺ የእነ እንትና እናት አይደለችም እንዴ?» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው ሳቀ። «ወፍጮ ቤት ያለው ቄስ በእኛ ቀበሌ ስንት አለና! ደግሞ መንታ ልጆች አለች።» በዚያው ማታ አወረድኩት። ግን ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሰምቶት ነበር፤ ከባላቸው ዘመዶች ጋርም የመሬት ክርክር ነበረባቸው።

ስለዚህ የምታስቢው ስለማያውቃት አድማጭ አይሁን። አዲስ አበባ ያለ ሰው ስሟን ቢሰማም አያገኛትም። የሚያውቃት በአንድ ጠበል የምትገናኘው፣ በአንድ ገበያ የምትሸጥለት ጎረቤቷ ነው። እሱ ስም አያስፈልገውም። ቀረጻውን ስታዳምጪ «ይቺን ነገር የቀበሌው ሰው ቢሰማ ማንን ያስባል?» ብለሽ ጠይቂ።

የእኔን ቀረጻ እንደገና ስይዘው እንዲህ ነበር የሠራሁት። የሴትዮዋ ቃል ይሄ ነው፦ «በጥር ዳሩኝ። ባሌ የቄሱ ልጅ ነው፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው። መንታ ወለድኩ፣ አንዱ ዛሬ ሾፌር ነው። በሰባ ሰባት ጠፍቼ ወጣሁ።» ጥርን አልነካሁትም። በጥር ማን የማይዳር አለ? የሠርጉ ወር ነው፣ ማንንም አይጠቁምም። አሥራ ሦስት ዓመቷንም ተውኩት፤ ታሪኩ ራሱ እሱ ነው። «ሰባ ሰባት»ም ይቆይ አልኩ፤ የድርቅ ዓመት ስለ ነበር ከቤቱ የወጣ ብዙ ሰው ነው። ቄስ ብቻውን ቢሆን ችግር አልነበረውም፣ ቄስ በየደብሩ ሞልቷል። ቄስ ከነወፍጮው ግን አንድ ሰው ነው። መንታና ሾፌር ሲደመሩበትማ አለቀ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሙሉ በሙሉ ቆረጥኩ። በጽሑፉ ላይ ግን «ባሌ [ሀብት ካለው ቤት] ነው። [ልጆች] ወለድኩ» ብዬ በቅንፍ ተካሁ፣ አንባቢ የእኔ ቃል መሆኑን እንዲያውቅ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ቀረጻውን እንዳለ ወደ ጽሑፍ ገልብጪው። ለእኔ አንድ ሰዓት ድምፅ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅብኛል፤ ይሄን ደረጃ የዘለለ ሰው ሁሌ የሆነ ስም ያመልጠዋል። በተለይ ያንቺን የራስሽን ድምፅ ልብ በይ። ባለታሪኳ ስሟን አንዴ ነው የምትጠራው። «እሺ እትዬ እንትና፣ ከዚያስ?» እያልሽ ሃያ ጊዜ የምትደጋግሚው ግን አንቺ ነሽ። ከደጅ «እማማ እንትና!» ብሎ የሚጠራ ልጅም አለ።

በጽሑፉ ላይ ስም ስትፈልጊ ፍለጋውን አትመኚው። አማርኛ ተንኮለኛ ነው። ኃይሌን ብትፈልጊ «ሀይሌ»ን፣ «ሃይሌ»ን እና «ሐይሌ»ን አያገኝልሽም፤ ሁሉንም ለየብቻ ፈልጊ። ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ፣ ዐ እና አም እንዲሁ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ተካ የሚለውን ደግሞ አትንኪው። አንድ ጊዜ «ደስታ» የሚባልን ሰው በ«ግለሰብ 3» ልተካ ብዬ ሴትዮዋ «በግለሰብ 3 አለቀስኩ» ብለው ቁጭ አሉ። የክርስትና ስምም እንዳይረሳሽ፤ ወለተ ማርያም ቢሉ ለጎረቤት ያው ስማቸው ነው።

ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ክፈቺ፤ ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን። የሚሸፈነውን ቦታ እየመረጥሽ Ctrl+B ብትጫኚ ምልክት ያስቀምጥልሻል፣ መጀመሪያ ሁሉንም ምልክት አድርጊ፣ ከዚያ ትሸፍኛለሽ። Ctrl+L የመረጥሽውን ዝም ያሰኘዋል፤ ቢፕ ከፈለግሽ Generate ውስጥ Tone አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጊው፣ አለበለዚያ አድማጭሽን ጆሮውን ታሳምሚዋለሽ። እዚህ ላይ የሁሉም ሰው ስሕተት ጠባብ አድርጎ መምረጥ ነው። «ለአበበ ነገርኩት» ሲባል «ለአ» ወይም መጨረሻው «በ» ሾልኮ ይቀራል። ከስሙ በፊትና በኋላ ሩብ ሰከንድ ያህል አስፊበት። አስጨርሰሽ የሸፈንሽውን ቦታ ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፤ የስልክ ስፒከር ላይ የማይሰማ ነገር እዚያ ይሰማል።

ብዙ ሰው «ድምፁን ላወፍረው» ይላል። በእኔ አስተያየት ጥበቃ አይደለም። ከፍ ወይም ዝቅ ያደረግሽውን ፒች ሌላ ሰው በዚያው ልክ መልሶ ማስተካከል ይችላል። የአነጋገር ዘይቤዋም አይጠፋም፣ ልጇ በሁለት ቃል ይለያታል። ድምፅዋ ራሱ አደጋ ከሆነ ቀረጻውን አትልቀቂ። ጽሑፉን ሌላ ሴት ታንብበው።

ፋይሉ ራሱም ይናገራል። አንዳንድ ስልክ ቀረጻውን በቦታው ስም ይሰይመዋል፤ አንቺም «ቃለ መጠይቅ እትዬ እንትና» ብለሽ ሰይመሽው ይሆናል። የሸፈንሽውን ድምፅ ከኦዳሲቲ new.wav በሚል አዲስ ስም አውጪውና ውስጡ ያለውን መረጃ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም በዚህ ትእዛዝ አራግፊው፦

```
ffmpeg -i new.wav -map_metadata -1 final.mp3
```

የኦዳሲቲውን የፕሮጀክት ፋይል (.aup3) ደግሞ ለማንም አትላኪ። የቆረጥሽው ጫፍ ውስጡ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፣ ጎትቶ የሚያወጣው ሰው አይጠፋም። የሚላከው የተቀየረው ድምፅ ብቻ ነው። ዋናውን ቅጂና «ግለሰብ 3 ማለት እከሌ» የሚለውን ዝርዝር ለየብቻ በይለፍ ቃል ቆልፈሽ አስቀምጪ፣ አንድ ላይ አይደለም።

በመጨረሻ ከመልቀቅሽ በፊት ለራሳቸው አሰሚያቸው። እኔ ሁለተኛውን ቅጂ ይዤ ሄጄ ቡና ተፈልቶ አብረን አዳመጥን። ወፍጮውን በማውጣቴ ደስ አላቸው፤ ስማቸውም ይቅር አሉ። ቢፕ የተደረገበት አንድ ቦታ ላይ ግን «ይሄ ምንድነው?» አሉኝ። የእናታቸው ስም ነበር። «እሷ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ። ማንስ ሊያውቃት ነው? የእሷን መልስልኝ» አሉ። ጎረቤቱ በዚያ ስም ወደ እሳቸው ይደርስ እንደሆነ አብረን አሰብንበት። የእናታቸው አገር ሌላ ወረዳ ነው፤ እዚህ በስማቸው የሚያውቃቸው የለም። ቢፑን አነሣሁት።