ለሁለተኛ ዳቦ ቤት የአዋጭነት ጥናት፦ ከነባሩ የሚቀነሰውንም አስዪው

«ሰላም ለቤቱ። አያት ዳቦ ቤት አለኝ። ቦሌ አራብሳ ሁለተኛ ልከፍት ብድር ስጠይቅ የአዋጭነት ጥናት አምጪ ተባልኩ። ምን ምን ይግባበት? በምን ቅደም ተከተል?»

እህቴ፣ እኔም ከቃሊቲው ዳቦ ቤቴ ሌላ ቱሉ ዲምቱ ስከፍት ይህንኑ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ። መጀመሪያ የነባሩ ቤት የአንድ ዓመት ሽያጭና ወጪ ይገባል። ቀጥሎ የአዲሱ ሰፈር ገበያ፣ ከዚያ ቦታው፣ መብራቱና ማሽኑ፣ ሠራተኛው፣ ሒሳቡ፣ መጨረሻ ላይ ስጋቱ። ማጠቃለያው ከፊት ይቀመጣል፤ የሚጻፈው ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ገበያው ላይ «ነዋሪው ብዙ ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። ኮንዶሚኒየም ቀን ቀን ጭር ይላል፤ ዳቦ የሚሸጠው ጠዋትና ማታ ነው። ልትከራዪው ያሰብሽው ሱቅ ደጃፍ ላይ ከጠዋቱ 12 እስከ 3፣ ከዚያም ከ11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆመሽ ዳቦ ይዞ የሚያልፈውን ሰው ቁጠሪ። ሁለት የሥራ ቀንና አንድ እሑድ ይበቃሻል። ከየት እንደገዙም ጠይቂያቸው።

እኔ የተሳሳትኩት ሒሳቡ ላይ ነው። አንዱን ዳቦ 10 ብር ትሸጫለሽ እንበል። ዱቄቱ፣ እርሾውና መብራቱ 7 ብር ቢወስድ 3 ብር ይተርፍሻል። ኪራይ፣ ደመወዝና ጥበቃ በወር 72,000 ብር ከሆነ፣ ለ3 ሲካፈል በወር 24,000፣ በቀን 800 ዳቦ ነው። ከዚያ በታች ከሸጥሽ ትከስሪያለሽ።

የእኔ ሪፖርት እዚህ ላይ አቆመ። የቱሉ ዲምቱ ሱቆች ግን ድሮም ከቃሊቲ በባጃጅ የሚወስዱ ደንበኞቼ ነበሩ። ቅርንጫፉ ሲከፈት ወደዚያ ዞሩ፤ የአዲሱ ሽያጭ ሲያድግ የቃሊቲው ወረደ። አንቺም ከአያት 300 ዳቦ ወደ አራብሳ የሚዞር ከሆነ፣ አዲሱ ቤት ወጪውን የሚሸፍነው በቀን 1,100 ሲሸጥ ነው። አሁን ካሉሽ ደንበኞች መካከል ከአራብሳ የሚመጡትን ለአንድ ሳምንት መዝግቢ።

ስጋቱ ላይ ዱቄት ቢወደድስ የሚለውን አስዪ። የሚተርፍሽ ከ3 ወደ 2 ብር ቢወርድ 800 የነበረው 1,200 ይሆናል፤ ከአያት የሚዞረው 300 ሲጨመርበት 1,100 የነበረው 1,500 ይሆናል። ቆጠራሽ ያንን ያህል ገዢ ካላሳየሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

መብራቱን አደራ! ፎርኖና ማቡኪያ ስሪ ፌዝ ይፈልጋሉ። ውል ከመፈረምሽ በፊት ቆጣሪውን በኤሌክትሪሻን አሳዪው። እኔ ሳላሳይ ፈርሜ፣ እስኪቀየር ድረስ ለተዘጋ ቤት የአራት ወር ኪራይ ከፍያለሁ። ስለዚህ መነሻ ካፒታሉ ውስጥ ከማሽኑ ሌላ ሥራ እስኪጀመር የሚከፈለውን ኪራይ፣ የሦስት ወር ደመወዝና ዱቄትም ጨምሪ።

ከሪፖርቱ ጀርባ፣ ገና ያልተፈረመውን የኪራይ ውል፣ ከሁለት ሻጭ የተሰጠሽን የማሽን ፕሮፎርማና የቆጠራሽን ወረቀት አያይዢ።