ኢንተርቪው ላይ የተበላሸ አንድ መልስ በአጭር ኢሜይል ይስተካከላል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አዳማ ነኝ፣ አካውንቲንግ ጨርሼ ስራ እየፈለግኩ ነው። ዛሬ ረቡዕ ከሰዓት አንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት ለጁኒየር አካውንታንት ጠርቶኝ ሶስት ሰዎች ኢንተርቪው አረጉኝ። ሌላው ጥሩ ነበር፣ ግን የፋይናንስ ሃላፊው ‹ሰኔ 30 ላይ ሌጀሩ 412,300 ብር ይላል፣ የባንክ ስቴትመንቱ 438,950 ይላል፣ ምን ታደርጊያለሽ› ሲሉኝ ደንግጬ ‹ሌጀሩን ከባንኩ ጋር አስተካክለዋለሁ› አልኳቸው። ቤት ስገባ ሪኮንሲሌሽን መስራት እንደነበረብኝ ትዝ አለኝ። ኢሜይል ብልክ ይጠቅመኛል ወይስ ጭራሽ ያስቀይማቸዋል?»

ላኪ እህቴ፣ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ ላኪ። ማንኛውም የተበላሸ መልስ ኢሜይል ይጻፍለታል ማለቴ ግን አይደለም፣ ያንቺ ግን ይጻፍለታል፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ ምክንያቱም እሱ ከገባሽ ኢሜይሉ ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ድምጽሽ ቢንቀጠቀጥ፣ «ስለራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ ብታጥሪው ወይም ብታንዛዢው፣ «ድክመትሽ ምንድነው» ለሚለው የማይረባ ነገር ብትመልሺ ዝም ነው፣ ያንን በጽሁፍ መመለስ እነሱ የረሱትን ማስታወስ ነው። ኢሜይል የሚያስፈልገው ጥያቄው ስራው ራሱ ሲሆንና መልስሽ ስራውን አታውቀውም ሊያሰኝሽ ሲችል ነው። አንድ ጁኒየር አካውንታንት ወር በገባ ቁጥር ከሚሰራው ነገር አንዱ ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው፣ ሰኔ 30 ሲሆን ደግሞ የበጀት አመቱ ስለሚዘጋ ኦዲተሩ ቀድሞ ከሚጠይቃቸው ወረቀቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ሃላፊው የጠየቁሽ በየወሩ የምትሰሪውን ነው።

አሁን እሳቸው የሰሙትን ስሚ። «ሌጀሩን ከባንኩ ጋር አስተካክለዋለሁ» ስትዪ እሳቸው የሰሙት 26,650 ብሩን ልዩነት ከየት እንደመጣ ሳታዪ መዝገቡ ላይ ደምረሽ ቁጥሩን ታገናኚዋለሽ ብለው ነው። ይሄ ለፋይናንስ ሰው አስደንጋጭ ነው፣ አንደኛ የጎደለ ብር ሊሸፈን የሚችለው እንደዚህ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ደግሞ ድርጅቱ የሌለውን ብር እንዳለው ስለሚያስመስል። እስቲ በቁጥር እንየው። ድርጅቱ ለመለዋወጫ ሻጭና ለጎማ ሻጭ በድምሩ 35,000 ብር ቼክ ቆርጦ ሰጥቷል እንበል፣ ሻጮቹ ግን ገና ባንክ አልሄዱም። ሰኔ 30 ከሰዓት ደግሞ 8,000 ብር ገቢ ተደርጎ ስቴትመንቱ ላይ አልወጣም። ከስቴትመንቱ 438,950 ላይ 35,000ውን ቀንሰሽ 8,000ውን ስትደምሪ 411,950 ይመጣል። በሌላ በኩል ባንኩ 350 ብር ሰርቪስ ቻርጅ ቆርጦ እናንተ አልመዘገባችሁም፣ ሌጀሩ ላይ ካለው 412,300 እሱን ስትቀንሺ እዚህም 411,950 ሆነ። ሁለቱ ተገናኙ፣ መዝገቡ ላይ የገባችው ማስተካከያ ደግሞ 350 ብር ብቻ ናት። አንቺ በነገርሻቸው መንገድ ቢሆን ኖሮ ግን መዝገቡ 438,950 ይላል፣ ስራ አስኪያጁ እሱን አምነው ቼክ ይቆርጣሉ፣ ከዛ የጎማው ሻጭ ባንክ ሲሄድ ብሩ ላይበቃ ይችላል፣ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ እኛ ሀገር በወንጀል ህጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ሃላፊው መልስሽን ሲሰሙ ይሄ ሁሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ አልፏል።

ስለዚህ ኢሜይሉ ሊያስተካክለው የሚገባው ያቺን አንድ ስጋት ነው፦ ምንጩን ሳላገኝ መዝገብ አልነካም የምትዪ ሰው መሆንሽን ማሳየት አለበት። ቁጥር ሁሉ ዘርዝረሽ ሙሉ ሪኮንሲሌሽን አትስሪላቸው፣ የቼኮቹንና የቻርጁን መጠን እኮ አልነገሩሽም፣ ከላይ ያሉት እንዲገባሽ ብዬ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ ኢሜይሉ ውስጥ ከገቡ ከየት አመጣችው ይባላል። እነሱ የሰጡሽን ሁለቱን ቁጥሮችና ልዩነቱን ብቻ ተጠቀሚ።

ሌላው ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት፣ «መልሴን ለማሟላት ያህል» ብለው ይጀምራሉ። ያንቺ መልስ አልጎደለም፣ ስህተት ነበር፣ ሃላፊውም ማስታወሻቸው ላይ ጽፈውታል፣ ስለዚህ የተሳሳተውን የጎደለ አስመስለሽ ካቀረብሽው አሁንም አልገባትም ወይም ትሸፋፍናለች ይላሉ። አንዴ ብቻ ትክክል አልነበረም በይና እለፊ። ይቅርታ ማብዛት፣ ስለደነገጥኩ ነው፣ ሌሊት አልተኛሁም፣ ታክሲ አጥቼ ምናምን አያስፈልግም፣ ምክንያት በጨመርሽ ቁጥር የሚያነበው ሰው ከመልሱ ይልቅ ምክንያቱን ያስታውሳል።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ሰላም ወ/ሮ …፣

ረቡዕ ከሰዓት ለጁኒየር አካውንታንት ቦታ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ።

የፋይናንስ ሃላፊው ሰኔ 30 ላይ ሌጀሩ 412,300 የባንክ ስቴትመንቱ 438,950 ብር ቢያሳይ ምን እንደማደርግ ጠይቀውኝ ሌጀሩን ከባንኩ ጋር አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። ይህ መልስ ትክክል አልነበረም። በመጀመሪያ የ26,650 ብሩን ልዩነት ምንጭ በሰነድ እፈልጋለሁ፤ ተቆርጠው ያልተመነዘሩ ቼኮችን ከስቴትመንቱ ሂሳብ እቀንሳለሁ፣ ገቢ ተደርጎ ስቴትመንቱ ላይ ያልታየውን እደምራለሁ። ሌጀሩ ላይ ማስተካከያ የማዘጋጀው ባንኩ መዝግቦት እኛ ላልመዘገብነው፣ ለምሳሌ ለሰርቪስ ቻርጅ፣ ወይም እኛ ተሳስተን ለመዘገብነው ብቻ ነው፤ እሱንም በሃላፊ አጸድቃለሁ። ምንጩ ያልታወቀ ልዩነት ከቀረ ሳልሸፍነው ሪፖርት አደርጋለሁ።

ይህን ለኢንተርቪው ፓነሉ ቢያስተላልፉልኝ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ስም፣ ስልክ ቁጥር»

በቃ ይሄው ነው። ስልክ ላይ ሲከፈት አንዴ ሁለቴ ወደ ላይ ገፋ አርገው የሚጨርሱት መሆን አለበት፣ ከዚህ ከረዘመ ቀንሺ። የቫካንሲ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከነበረና ኢንተርቪውም እንደዛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፊው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየር፦ ምስጋና፣ ጥያቄው፣ የተሳሳተው፣ ትክክለኛው፣ ጨረስኩ። ጥያቄውን ደግመሽ የምትጽፊው ለወግ እንዳይመስልሽ፣ ያን ቀን ስንት ሰው እንዳነጋገሩ አታውቂም፣ ቁጥሮቹን ሲያዩ ነው አንቺ የትኛዋ እንደነበርሽ ትዝ የሚላቸው።

«በሃላፊ አጸድቃለሁ» የምትለዋን አትቁረጫት። ቃሏ ትንሽ ናት ግን ሪኮንሲሌሽን የሚሰራው ሰው ማስተካከያውን ራሱ አጽድቆ ራሱ እንደማይመዘግብ እንደምታውቂ ታሳያለች፣ ሃላፊው ካነበቡት ውስጥ በጣም ደስ የምትላቸው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ለማን ነው የምትልኪው? ለኢንተርቪው የጠራሽ ሰው በኢሜይል ከሆነ የጠራሽ እዛው ላይ ሪፕላይ አርጊ፣ ርዕሱን አትቀይሪ፣ ያኔ ስምሽና ቦታው አብረው ይታያሉ። በስልክ ብቻ ከሆነ የጠሩሽ ሲቪ የላክሽበት አድራሻ አለ አይደል፣ እሱ ላይ ላኪና ርዕሱ ላይ ስምሽን፣ የስራ መደቡንና «የረቡዕ ኢንተርቪው» የሚለውን ጻፊ። የፋይናንስ ሃላፊውን የግል ስልክ ከሰው ጠይቆ ቴሌግራም ላይ መጻፍ ግን በፍጹም፣ እሱ ውሳኔውን ከፓነሉ ውጪ ለማስቀየር መሞከር ነው የሚመስለው፣ አዳማ ላይ ደግሞ ሰው ሰውን ስለሚያውቅ ነገሩ ቶሎ ወደዛ ይተረጎማል። በዘመድ ማስነገርም ያው ነው። ሲቪሽን ደግመሽ አታያይዢ፣ ሌላ ጥያቄም አታንሺ፣ ደሞዝ ስንት ነው መቼ ነው የምትወስኑት የሚለው እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለት መልስ ተበላሽቶ ቢሆን እንኳ ከባዱን አንዱን ነበር ምረጪ የምልሽ፣ ሁለቱንም ስትጽፊ ኢንተርቪውን እንደገና እየተፈተንሽ ነው የሚመስለው።

ሰዓቱን ያጣደፍኩሽ የግል ድርጅቶች ውስጥ ፓነሉ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም ሁሉንም አነጋግሮ እንደጨረሰ ቁጭ ብሎ ስለሚያወራ ነው፣ ኢሜይልሽ ከዛ ንግግር በፊት ከደረሰ የሚነሳበት እድል አለው፣ ከዛ በኋላ ከደረሰ ግን መልካም ስነምግባር ከመባል ያለፈ ነገር አይሰራም። እያንዳንዱ ፈታኝ ነጥብ መስጫ ወረቀት ላይ እዛው ሞልቶ የሚፈርምበት ቦታ ደግሞ አለ፣ መንግስት መስሪያ ቤት ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው፣ እዛ ያለቀ ነጥብ በኢሜይል አይነካም፣ መነካትም የለበትም ምክንያቱም ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ያንን እድል አላገኙም። አንቺ የሄድሽበት የግል ድርጅት ስለሆነ ነው ላኪ ያልኩሽ። እዛም ቢሆን ካንቺ በግልጽ የተሻለ ሰው ካለ ኢሜይሉ አያስቀጥርሽም፣ ከሌላ ሰው ጋር አንገት ለአንገት ከሆንሽ ግን ያቺን አንድ ጥርጣሬ ሊያነሳልሽ ይችላል።

አንድ ነገር ሳትዘጋጂ ግን እንዳትልኪ። ኢሜይሉ ደርሷቸው ከወደዱት ሃላፊው ደውለው «እሺ፣ ስህተቱ የባንኩ ቢሆንስ?» ሊሉሽ ይችላሉ። መልሱ በስቴትመንቱ በኩል እናስተካክለዋለን፣ ባንኩን በጽሁፍ እናሳውቃለን፣ ሌጀሩን አንነካም ነው። «ቼኩ ወራት አልፎት ያልተመነዘረ ቢሆንስ?» ካሉሽ ደግሞ ተቀባዩን እናነጋግራለን፣ ዝም ብለን ከመዝገብ አንሰርዝም፣ የሚሰረዝ ከሆነም በሃላፊ ውሳኔ ነው። ዛሬ ማታ እኔ በሰጠሁሽ ቁጥሮች ሪኮንሲሌሽኑን ወረቀት ላይ ሳታዪ ስሪው፣ ሁለቱም ወገን 411,950 ላይ ከመጣልሽ ጠዋት ላኪው፣ ካልመጣልሽ እስኪመጣ ድረስ ድገሚው፣ ምክንያቱም በኢሜይል ያስተካከልሽውን መልስ በስልክ መልሰሽ ካበላሸሽው ሰው አጻፋት ነው የሚሉት።

መልስ ካልጻፉልሽ አትደንግጪ፣ ብዙዎቹ ያነቡታል እንጂ አይመልሱም። «ደርሷችኋል ወይ» ብለሽ ሁለተኛ አትጻፊ። እናሳውቃለን ያሉሽ ቀን ካለፈ አንዴ ኤችአር ጋር ደውለሽ ውጤቱ ወጥቷል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ስለ ኢሜይሉ ራሳቸው ካላነሱ አንቺም አታንሺው።