«ኢን ኮንክሉዥን»ን በምን ልተካው?

ጥያቄ፦ «የእንግሊዝኛ ኤሴይ ስጽፍ መጨረሻው ሁሌ 'ኢን ኮንክሉዥን' ነው። በአማርኛም ስጽፍ 'ለማጠቃለል ያህል' እላለሁ። መምህሬ 'ተደጋገመ' ብላ አሰመረችበት። ሌላ ምን ልበል?»

እህቴ፣ እኔ እዚሁ ሀዋሳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ድሮ ይህን ጥያቄ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ሰሌዳው ላይ ዝርዝር እጽፍላቸው ነበር። «ቱ ሰም አፕ»፣ «ኢን ሾርት»፣ «ኦቨርኦል»፣ «ላስትሊ»። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀት ስሰበስብ ሐረጉ ተቀይሯል፣ አንቀጹ ግን ያው ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ብሶበት አገኘሁት። ለካ እነዚህ ሐረጎች አንዱ ባንዱ ቦታ የሚገቡ አይደሉም።

«ላስትሊ»ን እንይ። አማርኛው «በመጨረሻም» ነው። ሥራው ተራ መቁጠር ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልሽ መጥተሽ የመጨረሻውን ነጥብ ስታነሺ ነው ቦታው። መደምደሚያ ላይ ካስገባሽው አንባቢው አንድ አዲስ ነጥብ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ቀድሞ ያነበበውን ነው። «ኦቨርኦል» ወይም «በአጠቃላይ» ደግሞ የአንድን ነገር ጥሩና መጥፎ ጎን አይተሽ ስትመዝኚ ያምራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሐሳብ ብቻ ስትከራከሪ ከቆየሽ ግን የሚመዘን ነገር የለም። «ባጭሩ» ብለሽ ስድስት መስመር ከጻፍሽማ ቃልሽን አልጠበቅሽም።

የሚሠራውን ከሐረግ ዝርዝር ሳይሆን ከአንዲት ተማሪዬ ወረቀት ነው የተማርኩት። ስለ ሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ ጻፈች። መግቢያዋ ደስ ይላል። ጠዋት ከአጎቷ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳ የገዙት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመዳፏ እንደማይበልጥ ትናገራለች። ቀጥላ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሰ ዓሣ እንደሚይዝ፣ ዓሣው ሳይራባ ስለሚወጣም ነገ የሚሰገር እንደሚጠፋ ታስረዳለች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጨረሰች፦

«ለማጠቃለል ያህል የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ ብዙ ጥቅም አለው። ጠባብ መረብ ዓሣን ያጠፋል። ስለሆነም ሁላችንም ሐይቃችንን መጠበቅ አለብን።»

ሐረጉን በሌላ ብትቀይረው ምን ይለወጣል? የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጽሑፏ ውስጥ አልተከራከረችበትም። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው። ሦስተኛውን ስለ ደን ለተጻፈ ኤሴይ ብትሰጪው ያለ ምንም ችግር ይገባል። መምህርሽ ያሰመረችው ሐረጉ ላይ ቢሆንም፣ የሚያሰለቸው ብዙ ጊዜ ከሐረጉ በኋላ የሚመጣው ነው።

«ለማጠቃለል ያህል» የሚለውን አሰረዝኳትና አንድ ነገር ጠየቅኋት። «እስካሁን ያልሽው እውነት ከሆነ፣ ማን ምን ያድርግ?» ትንሽ አሰበችና «መረቡን የሚሸጠው ሰውስ?» አለችኝ። ከዚያ እንዲህ አድርጋ አመጣችው፦

«አጎቴ ያን ቀን የገዛው ዓሣ ከመዳፌ አይበልጥም ነበር። አንዴ እንኳ ሳይራባ ነው የተያዘው። አስጋሪውን ብቻ መቅጣት ይህን አያስቆምም። ጠባቡ መረብ ገበያ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው ይገዛዋል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ከመረብ ሻጩ ይጀምር።»

እዚህ ውስጥ «አሁን ልጨርስ ነው» የሚል ቃል የለም። ግን ማለቁን ማንም ያውቃል። መግቢያው ላይ የነበረው መዳፍ ተመልሶ መጣ፣ ሐሳቡም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። «ስለዚህ»ም የተቀመጠው አንቀጹ አናት ላይ ሳይሆን ምክንያቱ ከተነገረ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፊም «ዘርፎር»ን እንዲሁ አድርጊው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ወደፊት የሚሄደው እርምጃ ከላይ ካልሽው የሚወጣ መሆን አለበት። እሷ መጨረሻ ላይ ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ ብታነሳ ኖሮ ሌላ ኤሴይ ጀመረች ማለት ነው።

«ኢን ኮንክሉዥን»ን ጨርሶ ጣዪው አልልሽም። ሰው ፊት ቆመሽ ስታቀርቢ ተጠቀሚበት፤ አድማጭ ገጹ ማለቁን በዓይኑ አያይም። ፈተና ላይ ሰዓት ካለቀብሽም ጻፊውና እለፊ፣ ስህተት አይደለም። ሪሰርች ላይ ግን «ማጠቃለያ» የሚል ርዕስ ካለ ከሥሩ «ለማጠቃለል ያህል» ማለት አንድን ነገር ሁለቴ መናገር ነው።

አሁን የራስሽን ወረቀት አውጪና ሐረጉን በጣትሽ ሸፍነሽ የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቢው። ያለ እሱ ማለቁ ካልታወቀሽ፣ ወደ መግቢያሽ ተመለሺና እዚያ ያለውን ሰው፣ ዕቃ ወይም ቦታ ፈልጊ። ካቃተሽ ሁለቱን አንቀጾች፣ መግቢያውንም መጨረሻውንም፣ እዚሁ ለጥፊልኝ። አብረን እናየዋለን።